የማክሰኞው ክፍያ ሲቀር

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ወጣት የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ገጠር ውስጥ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ ትገለብጣለች። አንዷን ዓረፍተ ነገር ሦስቴና አራቴ ወደ ኋላ እየመለሰች ታዳምጣለች፤ ነፋሱና የዶሮው ጩኸት የተናጋሪውን ድምፅ ይውጡታል። በመካከል ስልኳ ድምፅ ያሰማል። ከባንክ የመጣ አጭር መልእክት ነው፤ ያለፈው ሳምንት ሥራዋ ተከፍሏል። ረቡዕ ዕቁብ አለባት፤ ከዚያው ላይ ትጥላለች።

ወጣቷ የድርጅቱ ቅጥር ሠራተኛ አይደለችም። በተለምዶ ፍሪላንሰር ከሚባሉት አንዷ ናት። ለጥናት ተቋማት ቃለ መጠይቅ የሚገለብጥና የሚተረጉም አንድ ቢሮ እንደ እሷ ያሉ 40 ሰዎችን በግል ውል ያሠራል። በደቂቃ 20 ብር ይከፈላታል፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ድምፅ ስለምትገለብጥ ሳምንታዊ ገቢዋ 3 ሺህ ብር ነው። ቢሮውም ሆነ ወጣቷ ለዚህ ጽሑፍ ማሳያ የተሣሉ ናቸው። ቀኖቹ ግን የ2018 ዓ.ም. ቀን መቁጠሪያ እውነተኛ ቀኖች ናቸው፤ ሒሳቡንም ማንም ወረቀት ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ቢሮው ክፍያውን ከሳምንት ወደ ወር ሊያዞር ወስኗል። የአስተዳደር ክፍሉም ጥቅምት 25 ቀን በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አርቅቋል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«ማስታወቂያ። ለፍሪላንስ ሠራተኞች በሙሉ። ድርጅታችን አሠራሩን ይበልጥ ለማቀላጠፍና እናንተንም በተሻለ ሁኔታ ለማገልገል ይቻል ዘንድ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ የክፍያ ሥርዓቱ ከሳምንታዊ ወደ ወርሃዊ የተለወጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚፈጠረው መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ትብብራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። አስተዳደሩ።»

በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚነበበው ማስታወቂያ ሁሉ መልኩ ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፤ ሰዋስውም አልተጣሰበትም። ይቅርታና ምስጋና እንኳ አልጎደለውም። ሆኖም የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ አይመልስም፤ ገንዘቡ በየትኛው ቀን ነው የሚገባው?

ጥያቄው በስሜት ከመታየቱ በፊት በቀን መቁጠሪያ ላይ ቢታይ ይሻላል። ቢሮው እስካሁን ከሰኞ እስከ እሑድ የተሠራውን በቀጣዩ ማክሰኞ ሲከፍል ቆይቷል። ሰኞ የተረከበው ሥራ 8 ቀን ይጠብቃል፤ እሑድ የገባው 2 ቀን ብቻ። በአማካይ አንድ ሥራ ከገባ በኋላ ገንዘቡ እስኪመጣ 5 ቀን ይወስድ ነበር ማለት ነው። በአዲሱ አሠራር ደግሞ የአንድ ወር ሥራ በቀጣዩ ወር እስከ 5 ባለው ቀን ሊከፈል ታስቧል። ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ታኅሣሥ 5 እሑድ ስለሚውል ክፍያው ወደ ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀደም ይላል። ስለዚህ ኅዳር 1 የገባ ሥራ 32 ቀን ይጠብቃል፤ ኅዳር 30 የገባው 3 ቀን። አማካዩ ከ5 ቀን ወደ 17 ቀን ተኩል ይዘልቃል።

ለወጣቷ ከአማካዩ ይበልጥ የሚከብደው ግን በሁለቱ አሠራሮች መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። የመጨረሻው ሳምንታዊ ክፍያ፣ ማለትም የጥቅምት መጨረሻ ሳምንት ሥራ ዋጋ፣ ማክሰኞ ኅዳር 2 ይገባላታል። ቀጥሎ ገንዘብ የምታየው ታኅሣሥ 3 ነው። በመካከሉ 31 ቀን አለ። በዱሮው አሠራር ኅዳር 9፣ 16፣ 23 እና 30 ላይ በጠቅላላው 12 ሺህ ብር ይደርሳት ነበር። አሁን በእነዚህ አራት ማክሰኞዎች ስልኳ ላይ ምንም አይገባም። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ታኅሣሥ 3 ተጠራቅሞ ይመጣል። የረቡዕ ዕቁብ ግን ታኅሣሥን አይጠብቅም። በየሳምንቱ 1,500 ብር የምትጥል ከሆነ የኅዳር 3ቱን ከመጨረሻው ሳምንታዊ ክፍያ ላይ ትሰጣለች፤ የኅዳር 10፣ የ17፣ የ24 እና የታኅሣሥ 1 ዕጣ፣ በድምሩ 6 ሺህ ብር፣ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ዕጣው ቀደም ብሎ ወጥቶላት ገንዘቡን ወስዳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከእሷ አልፎ ዋስ ወደ ሆነላት ሰው ይደርሳል። የዕቁቡ ዳኛ ያን ሰው ሲጠራው፣ ዋሱ የሚያውቀው የቢሮውን ማስታወቂያ አይደለም፤ የሚያውቀው ቃሏን ያላከበረች ልጅ ዋስ መሆኑን ነው።

የቤት ኪራይ በወር ስለሚከፈል ወርሃዊ ገቢ እንዲያውም ይመቸዋል። ታክሲ፣ አስቤዛና የሞባይል ካርድ ግን የየዕለት ወጪ ናቸው። ስለዚህ ለውጡ ሁሉንም እኩል አይነካም። ደመወዝተኛ የትዳር ጓደኛ ያለው ተርጓሚ ላይገደው ይችላል፤ ብቻዋን የምትኖረውን ግን አንገዳግዶ ሊጥላት ይችላል። ማስታወቂያውን የሚጽፈው የአስተዳደር ሠራተኛ ራሱ ወርሃዊ ደመወዝተኛ ስለሆነ ይህን ክፍተት በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ረቂቁ ያን መልክ የያዘው በዚህ ምክንያት እንጂ በክፋት አይደለም።

ከቢሮው ወገን ያለው ሒሳብም በግልጽ መታየት አለበት። 40ዎቹ ሰዎች በአማካይ በሳምንት 2 ሺህ ብር ቢያገኙ፣ ቢሮው በየሳምንቱ 80 ሺህ ብር ይከፍላል። በዱሮው አሠራር በማንኛውም ቀን የእነሱ ያልተከፈለ ገንዘብ ቢሮው ዘንድ ቢኖር ከ90 ሺህ ብር ብዙም አይርቅም። በአዲሱ አሠራር ወር ሲያልቅ ወደ 340 ሺህ ብር ይደርሳል። ልዩነቱ፣ ሩብ ሚሊዮን ብር ገደማ፣ ከባንክ የተወሰደ ብድር አይደለም። ሠራተኞቹ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ያበደሩት ገንዘብ ነው። የክፍያ ጊዜን ማራዘም ብድር መጠየቅ ነው፤ ረቂቁ ደግሞ ብድር ጠይቆ «ትብብር» ይለዋል፤ ገና እሺ ሳይባልም «በቅድሚያ» ያመሰግናል። አንባቢው ስሌቱን ባይሠራውም ጠረኑ ይሸተዋል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን እንደገና የመጻፍ ሥራ የሚጀምረው ከምክንያቱ ነው። «አሠራርን ለማቀላጠፍ» የሚለው ሐረግ ማንንም አያሳምንም፤ «እናንተን በተሻለ ለማገልገል» የሚለው ደግሞ እውነት አይደለም፣ ተከፋዩ በዚህ ለውጥ የሚያተርፈው ነገር የለምና። የቢሮው እውነተኛ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ደንበኞቹ የጥናት ተቋማት ደረሰኝ ከቀረበላቸው ከ30 እስከ 45 ቀን ቆይተው ስለሚከፍሉ፣ ቢሮው በየሳምንቱ የሚከፍለውን ከኪሱ ያወጣል። ሁለተኛው፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በወር ከ160 የማያንስ ዝውውር ትፈጽማለች፤ በወር አንዴ ቢሆን 40 ብቻ ይሆናል። ሁለቱም የሚያሳፍሩ አይደሉም። በቀጥታ ሲነገሩ ሰው ይገባዋል፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ከደንበኛ ገንዘብ ጠብቀው ያውቃሉ። ተደብቀው ሲቀሩ ግን ቦታቸውን ግምት ይይዘዋል፤ በቴሌግራም ቡድኑ ጓሮ በሚከፈት ሌላ ቡድን ውስጥ «ቢሮው ሊዘጋ ነው መሰለኝ» የሚል ወሬ እስከ ማታ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቢሮው በእርግጥ ገንዘብ አጥሮት ከሆነና ታኅሣሥ 3 መክፈሉን ራሱ ካላመነበት፣ የትኛውም ዓይነት አጻጻፍ አያድነውም። ቀኑን በጽሑፍ ሰጥቶ በመጀመሪያው ወር ማጠፍ ማስታወቂያ ካለማውጣት የባሰ ጉዳት ያመጣል። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ሒሳብ ክፍል ገብቶ «ከደንበኞች ምንም ባይገባ እንኳ በዚያ ቀን ለመክፈል የሚበቃ ገንዘብ አለ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «የለም» ከሆነ የሚለወጠው ማስታወቂያው ሳይሆን ዕቅዱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ሁለት ትርጉም ትሰጣለች። ከኅዳር 1 ጀምሮ የተሠራ ሥራ በወር ይከፈላል ማለት ነው? ወይስ ከኅዳር 1 በኋላ ሳምንታዊ ክፍያ የሚባል የለም? ሁለተኛው ከሆነ ኅዳር 2 የሚጠበቀው የጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ገንዘብም ወደ ታኅሣሥ ይገፋል። ጸሐፊው ያሰበው የመጀመሪያውን ነው። አንባቢዋ ግን በድንጋጤ ሁለተኛውን ታነባለች፤ የራሱ ገንዘብ ጉዳይ የሆነበት ሰው ጥርጣሬ ሲገባው ክፉውን ትርጉም ይመርጣልና። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የትኛው ሥራ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ቀን በቀን መዘርዘር።

ቀን መዘርዘር ሲጀመር «ወር» የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ይታያል። የጥናት ተቋማቱ ሒሳባቸውን በፈረንጆች አቆጣጠር ይዘጋሉ፤ ተከፋዮቹ ኪራይ የሚከፍሉት በኢትዮጵያ ወር ነው። የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ ክርክሩ የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ይነሣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተወሰነ ደግሞ ጳጉሜን አለች። አብዛኛው ደመወዝተኛ ለጳጉሜን የተለየ ደመወዝ አይጠብቅም፤ በደቂቃ የሚከፈለው ሰው ግን በአምስቱም ቀን ሊሠራ ይችላል። ያ ሥራ ከነሐሴ ጋር ይቆጠራል ወይስ ከመስከረም ጋር? «በቀጣዩ ወር 5» ሲባልስ የነሐሴ ሥራ ጳጉሜን 5 ነው የሚከፈለው ወይስ መስከረም 5? የቀኑ ልዩነት ትንሽ ነው፤ እንቁጣጣሽ የምትውለው ግን በመካከላቸው ነው። የበዓል ዶሮና የልጆች የደብተር ወጪ በየትኛው ገንዘብ እንደሚሸፈን የምትወስነው ማንም ያላሰበባት ይህች መስመር ናት።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይኸኛው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው። ቢሮው የሚከፍለው «ተቀባይነት ላገኘ ሥራ» ነው፤ አንድ አራሚ ጽሑፉን ከድምፁ ጋር አመሳክሮ ማጽደቅ አለበት። በሳምንታዊ አሠራር አራሚው ቢዘገይ ሥራው ወደሚቀጥለው ማክሰኞ ይተላለፋል፤ ጉዳቱ የ7 ቀን ነው። በወርሃዊ አሠራር ግን ኅዳር 29 የገባ ሥራ ታኅሣሥ 2 ቢጸድቅ፣ በደንቡ መሠረት የታኅሣሥ ሥራ ሆኖ ጥር 5 ይከፈላል። 36 ቀን መሆኑ ነው፣ ያውም ገናን አሳልፎ። ወጣቷ ምንም አላጠፋችም፤ የዘገየው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አዲሱ ማስታወቂያ ወሩን የሚቆጥረው ሥራው በጸደቀበት ቀን ሳይሆን በገባበት ቀን መሆን አለበት፤ የማጽደቁን ቀነ ገደብም በቢሮው ላይ መጣል አለበት።

ሳምንታዊ ክፍያ ከገንዘብነቱ ባሻገር የሳምንት መተሳሰቢያም ነበር። 150 ደቂቃ ሠርታ የ140 ደቂቃ ዋጋ ቢገባ ወጣቷ ማክሰኞ ማታውኑ ታውቀዋለች፤ የትኛው ፋይል እንደተረሳ ገና ትዝ ይላታል። በወር አንዴ ሲሆን 600 ደቂቃ የሚሆኑ ሃያና ሠላሳ ፋይሎች በአንድ ቁጥር ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ የጎደለውን ፈልጎ ማግኘት ጭቅጭቅ ይሆናል። ክፍያን ወደ ወር የሚያዞር ድርጅት መተሳሰቢያውን በሳምንቱ ሊያቆየው ይችላል። በየማክሰኞው «ባለፈው ሳምንት 6 ፋይል፣ 150 ደቂቃ ተመዝግቦልሻል፤ ከወሩ መጀመሪያ እስካሁን 6 ሺህ ብር አለሽ» የሚል አጭር መልእክት መላክ ነው። ከሁሉም ማሻሻያዎች ይህ ምንም ያህል ወጪ የለውም፤ እምነት በመጠበቅ ረገድ ግን ከይቅርታው ሁሉ ይልቃል፣ ያልተከፈለው ገንዘብ ቢያንስ የተቆጠረ መሆኑን ሰውየው በዓይኑ ያያልና።

የሕጉ ጉዳይ በአጭሩ ሊነሣ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ውሉ ላይ «በየሳምንቱ ይከፈላል» ተብሎ ከተጻፈ በቴሌግራም የሚለጠፍ ማስታወቂያ ብቻውን አይሽረውም። ዝምታም በመሠረቱ እንደ መስማማት አይቆጠርም። አንቀጽ 1684 ግን ቀድሞ ለነበረ የውል ግንኙነት ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ውሉን ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ካልተነቀፈ እንደ ተቀበሉት ሊቆጠር ይችላል፣ ሐሳቡ ራሱን በቻለ ጽሑፍ ከቀረበና ጽሑፉም «መልስ ካልሰጣችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል» ብሎ በግልጽ ካሳወቀ። የቢሮው ረቂቅ ይህን አይልም። ሕጋዊውን መንገድ ለመከተል ዓረፍተ ነገሩን መጨመር ይቻላል፤ ሆኖም እምነት የሚፈልግ ድርጅት ዝምታን ከመሰብሰብ ይልቅ 40 ሰዎችን «እሺ» ወይም «አይሆንልኝም» ብለው እንዲመልሱ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አርባ መልስ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይበቃል።

በሌላ አገር ነገሩ ለፈቃድ ብቻ አልተተወም። በኒው ዮርክ ከተማ ከግንቦት 2017 (በፈረንጆች) ጀምሮ የሚሠራ ሕግ፣ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ፍሪላንሰርን የሚያሠራ ሁሉ በጽሑፍ እንዲዋዋል ያስገድዳል፤ የክፍያው ቀን በውሉ ካልተጻፈ ሥራው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። እዚያ በግሉ የሚያስተረጉም አማርኛ ተናጋሪ ክፍያው ቢዘገይበት ይዞት የሚቀርበው ሕግ አለው። የአዲስ አበባዋ ወጣት በዋናነት የምትይዘው የተጻፈ ቀን ነው፤ ቀኑ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ መኖሩ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ከግብርም ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ መጣራት አለበት። ከክፍያ ላይ የሚቀነሰው ቅድመ ግብር የሚጀምርበት የገንዘብ መጠን በሕግ የተወሰነ ነው። ሳምንታዊው 3 ሺህ ከመጠኑ በታች ሆኖ ሳይቆረጥበት ቢቆይ እንኳ፣ ተጠራቅሞ ሲከፈል ሊቆረጥበት ይችላል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው ደግሞ በብዙ ይቆረጥበታል። ሒሳብ ክፍሉ በሥራ ላይ ያለውን መጠን አይቶ የሚቀነስ ካለ አስቀድሞ መንገር አለበት። ታኅሣሥ 3 ከተጠበቀው ያነሰ ገንዘብ ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ግብር አይደለም።

የቀረው ክፍተቱን መሙላት ነው። ማስታወቂያ የቱንም ያህል በጥሩ ቋንቋ ቢጻፍ 31 ቀን ያለ ገንዘብ ለሚቀር ሰው መሸጋገሪያ ካልያዘ ባዶ ነው። ቢሮው ለውጡን በሦስት ወር ከፋፈለው። በኅዳር ወር በመካከል አንድ ጊዜ ሙሉ ክፍያ ይኖራል፤ በታኅሣሥ ከገና በፊት ግማሽ፤ ጥር ላይ ወርሃዊው አሠራር ይጀምራል። ይህ መሸጋገሪያ ለሁሉም በራሱ የሚደርስ እንጂ በማመልከቻ የሚገኝ አይደለም። «ችግር ያለበት ሰው ቢሮ መጥቶ ያነጋግረን» የሚለው የተለመደ አነጋገር በጎ ቢመስልም፣ የራሱን ገንዘብ የሚጠብቀውን ሰው ለማኝ ያደርገዋል፤ ይሉኝታ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። የማስታወቂያው ቀንም ተለወጠ። ጥቅምት 25 ተነግሮ ኅዳር 1 መጀመር 6 ቀን ብቻ ይሰጣል። አዲሱ ማስታወቂያ መስከረም 20 እንዲወጣ ተደረገ፤ 41 ቀን ይቀራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ከዕቁብ ዳኛው ጋር ተነጋግሮ ዕጣውን ማስቀደም ወይም አዲስ ዕቁብ ከመግባት መቆጠብ ይችላል።

እንደገና የተጻፈው ማስታወቂያ ይህ ነው፦

«ለሥራ ባልደረቦቻችን፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከኅዳር ወር ጀምሮ ክፍያችሁን በሳምንት መክፈሉን ትተን በወር አንድ ጊዜ ለመክፈል አስበናል። የጥቅምት ሥራ በሙሉ እስካሁን በነበረው መንገድ ይከፈላል፤ የመጨረሻው ሳምንታዊ ክፍያ ማክሰኞ ኅዳር 2 ይገባላችኋል። የደቂቃ ዋጋችሁ አይለወጥም።

ለውጡን የፈለግነው እኛ ነን። ደንበኞቻችን ደረሰኝ ካቀረብንላቸው ከ30 እስከ 45 ቀን ቆይተው ይከፍሉናል፤ በየሳምንቱ መክፈል ለእኛ ከብዶናል። ይህ ለእናንተ ገንዘባችሁን ዘግይቶ ማግኘት መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ሽግግሩን በሦስት ወር ከፍለነዋል።

ከኅዳር 1 እስከ 14 ያስገባችሁት ሥራ ሙሉ ዋጋ ማክሰኞ ኅዳር 16 ይከፈላል፤ የቀረው የኅዳር ሥራ ዓርብ ታኅሣሥ 3። ከታኅሣሥ 1 እስከ 19 ያስገባችሁት ሥራ ግማሽ ዋጋ ከገና በፊት፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 21፣ የቀረው የታኅሣሥ ሥራ ጥር 5። ከጥር ጀምሮ የአንድ ወር ሥራ በቀጣዩ ወር በ5 ይከፈላል፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ከዚያ በፊት ባለው የሥራ ቀን። የነሐሴ ሥራ ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ ጳጉሜን 3 ይከፈላል፤ የጳጉሜን ሥራ ከመስከረም ጋር ይቆጠራል። ይህን ለማግኘት ማመልከት አያስፈልግም።

ወሩ የሚቆጠረው ሥራው በገባበት ቀን ነው። አርመን ሳንጨርስ ብንዘገይ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ክፍያው አይተላለፍም። በየማክሰኞው የተመዘገበላችሁን ደቂቃና የተጠራቀመውን ብር በስልካችሁ እንልካለን።

ይህ ውላችንን ስለሚለውጥ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ‹እሺ› ወይም ‹አይሆንልኝም› ብላችሁ መልሱልን። የማይሆንላችሁ ካላችሁ ሥራ አይቀነስባችሁም፤ ተነጋግረን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። የምትጠይቁትን ለሒሳብ ኃላፊዋ በቀጥታ ደውሉ፤ ስሟና ስልኳ ከዚህ በታች አለ።»

ርዝመቱ ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል። አንዳንድ ሥራ አስኪያጅ «ማን ያነበዋል?» ሊል ይችላል። የራሱን ገንዘብ የሚመለከት ወረቀት ሰው እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ሁለቴም ያነባል። «ለሚፈጠረው መጉላላት» የሚለው ይቅርታ መውጣቱም ሆን ተብሎ ነው። በምትኩ የገባው «ለውጡን የፈለግነው እኛ ነን» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «የተለወጠ መሆኑን» ብሎ ለዋጩን ሰውሮት ነበር። አሁን ለዋጩ ይታወቃል፤ በስሙና በስልኩ ይገኛል።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ አንድ ቀን በፊት ኃላፊዋ ብዙ ለሚሠሩትና ከቢሮው ሌላ ገቢ እንደሌላቸው ለምታውቃቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ደወለች። እንዲህ ያለ ነገር ከጓደኛ ከመስማት ከባለቤቱ መስማት ይቀላል።

እምነቱ መቆየት አለመቆየቱ በምስጋና መልእክት አይታወቅም። «እሺ» ያለ ሁሉ ወዶ አይደለም። ምልክቱ የሚታየው በሥራው ላይ ነው። ሥራ የሚገባው በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ብቻ እየሆነ ከሄደ ሰዎች ለዚህ ቢሮ የሚሠሩትን ወደ ክፍያው ቀን አስጠግተው፣ የወሩን መጀመሪያ ቶሎ ለሚከፍል ሌላ ሰጥተውታል ማለት ነው። አንጋፋዎቹ «አሁን አይመቸኝም» ማለት ሲያበዙ፣ ረጅም ፋይል የሚወስድ ሲጠፋ፣ በወር አጋማሽ የብድር ጥያቄ ሲበረክት፣ ወርሃዊው አሠራር ለሥራው አልተስማማም። ያኔ ወደ ሁለት ሳምንት መመለስ ይቻላል፤ ዝውውሩ በወር 80 ይሆናል፣ ከ160ው ግማሽ።

ጥቅምት 10 ሲደርስ 36 ሰዎች «እሺ» ብለዋል። ሁለቱ ጥያቄ ጠይቀው ቆይተው ተስማሙ። ሁለቱ «አይሆንልኝም» አሉ። አንዱ በየሳምንቱ የባንክ ብድር የሚከፍል ተርጓሚ ነው። ሌላዋ ወጣቷ ናት፤ ዕጣዋን ነሐሴ ላይ ወስዳለች፣ ዕቁቡ የሚያልቀው ጥር መጨረሻ ነው። ኃላፊዋ ለሁለቱም እስከ የካቲት በየሁለት ሳምንቱ እንዲከፈላቸው በጽሑፍ ተስማማች፤ የሒሳብ ሠራተኛዋም በወር ሁለት ዝውውር በመዝገቧ ላይ ጨመረች።